እይታው እኩል፣ ገቢው አራት እጥፍ የተራራቀ፦ የሁለት ቪዲዮዎችን RPM በየአገሩ ከፍሎ ማስላት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዱባይ ነው፤ የዩቲዩብ የምግብ ቻናል አለኝ። የ18 ደቂቃ የዶሮ ወጥ ቪዲዮዬ በመጀመሪያው 28 ቀን 41,000 ጊዜ ታይቶ 108.40 ዶላር አስገባ። እህቴ ሾላ ገበያ የቀረጸችው የ7 ደቂቃ የበዓል ዋጋ ቪዲዮ ደግሞ በ28 ቀኑ 41,500 ጊዜ ታይቶ 25.75 ዶላር ብቻ። ሁለቱም አረንጓዴ የገቢ ምልክት ነው ያላቸው፤ የቅጂ መብት ጥያቄም የለባቸውም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ለሚቀጥለው ቪዲዮስ በሺህ እይታ ስንት እንደማገኝ አስቀድሜ እንዴት ልገምት? የአገሩንና የማስታወቂያውን ዝርዝር አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ካያያዙት ዝርዝር እንደሚታየው ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተባዝቷል። የመጀመሪያው ተመልካቾቹ ያሉበት አገር ነው። ይህ ብቻውን በሺህ እይታ የሚገኘውን ገቢ 2.3 እጥፍ ገደማ አራርቆታል። ሁለተኛው በአንድ እይታ ውስጥ የታየው የማስታወቂያ ብዛት ነው፤ እሱም በሚበዛው 1.86 እጥፍ ገደማ ጨምሮበታል። ሁለቱ ሲባዙ አራት እጥፍ ከሩብ ይሆናሉ፤ የእርስዎም ልዩነት ይኸው ነው። አስተዋዋቂዎች ለዶሮ ወጡ የተሻለ ዋጋ የከፈሉ ሊመስልዎት ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ይህን አያሳይም። ዋጋው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ለመሆን ምንም አልቀረውም።

ወደዚህ ድምዳሜ የሚደረስበትን ስሌት ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ፤ ያንኑ ስሌት ገልብጠው ለሚቀጥለው ቪዲዮ ግምት ይጠቀሙበታል።

RPM የሚባለው፣ በሺህ እይታ የሚገኘው ገቢ፣ ተራ ክፍፍል ነው። ቪዲዮው ያስገባው ጠቅላላ ገቢ ለእይታው ይካፈልና በ1,000 ይባዛል። ለዶሮ ወጡ 2.64 ዶላር፣ ለገበያው 0.62 ዶላር ይመጣል። በገቢው ውስጥ የማስታወቂያ ድርሻዎ፣ ከዩቲዩብ ፕሪሚየም ተመልካቾች የሚመጣው፣ የአባልነት ክፍያና በቀጥታ ስርጭት የሚላከው ሱፐር ቻት ሁሉ አሉበት፤ የዩቲዩብ ድርሻ አስቀድሞ ተቀንሷል። የሚካፈለው ግን ለእይታ ሁሉ ነው፤ ማስታወቂያ ላልታየበት እይታም ጭምር። ስለዚህ RPM ራሱ የምክንያት ድብልቅ ነው፤ ዝቅ ሲል ምን እንደቀነሰ አይነግርዎትም።

CPM ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አስተዋዋቂው 1,000 ማስታወቂያ ለማሳየት የከፈለው ዋጋ ሲሆን የዩቲዩብ ድርሻ አልተቀነሰለትም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Playback-based CPM` የሚባል ሌላ ቁጥርም አለ፤ እሱ የሚቆጥረው ማስታወቂያውን ሳይሆን ቢያንስ አንድ ማስታወቂያ የታየበትን እይታ ነው። አንድ ሰው ቪዲዮዎን ሲያይ ሦስት ማስታወቂያ ቢመጣበት፣ በCPM ስሌት ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ በ`Playback-based CPM` ስሌት ግን አንድ ነው። ብዙ ሰው CPMን ብቻ አይቶ በግማሽ ይቀንስና «በሺህ እይታ ይህን ያህል አገኛለሁ» ብሎ ይነሳል፤ ግምቱ ከእውነቱ ጋር የማይገናኘው ማስታወቂያ ያልታየበትን እይታም፣ በአንድ እይታ የታየውን የማስታወቂያ ብዛትም ስለዘለለ ነው። ለረጃጅም ቪዲዮዎች ከማስታወቂያ የሚደርስዎት ድርሻ 55 በመቶ ስለሆነ ግንኙነታቸው እንዲህ ነው፦

```
RPM = (Estimated revenue ÷ Views) × 1000

የማስታወቂያ RPM = M × N × CPM × 0.55

M = Estimated monetized playbacks ÷ Views
N = Playback-based CPM ÷ CPM
```

M ከጠቅላላው እይታ ማስታወቂያ የታየበት ስንት እጅ እንደሆነ ያሳያል። N በእንደዚያ ያለ አንድ እይታ በአማካይ ስንት ማስታወቂያ እንደታየ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛው እንደተለወጠ መፈለግ ነው።

ግን ስሌቱን በቪዲዮው ጠቅላላ ቁጥር ላይ አይጀምሩት። መጀመሪያ በአገር ይከፋፈል። ስቱዲዮ ገብተው ቪዲዮውን ይክፈቱ፤ `Analytics` ውስጥ `Advanced mode` ይጫኑና `Geography` ይምረጡ። ቀኑን እንደ እርስዎ ከወጣበት ዕለት አንስቶ 28 ቀን ማድረግ ትክክል ነው። አንዱን ቪዲዮ በ28 ቀን፣ ሌላውን ከወጣ ጀምሮ እስከ ዛሬ አድርጎ ማወዳደር የተለመደ ስህተት ነው። የላኩትን ዝርዝር በአምስት ምድብ ስሰበስበው ይህን ይመስላል፤ RPMው በዶላር ነው፦

| ምድብ | ዶሮ ወጥ፣ እይታ | RPM | ገበያ፣ እይታ | RPM |
|---|---|---|---|---|
| አሜሪካ | 11,000 | 6.00 | 3,000 | 3.20 |
| አውሮፓና ካናዳ | 5,000 | 4.50 | 1,500 | 2.40 |
| የባሕረ ሰላጤ አገሮች | 6,000 | 1.50 | 4,500 | 0.80 |
| ኢትዮጵያ | 16,000 | 0.40 | 31,000 | 0.25 |
| ሌሎች | 3,000 | 1.50 | 1,500 | 0.80 |

በገበያው ቪዲዮ ላይ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከአሜሪካ የመጣው 3,000 እይታ 9.60 ዶላር አስገብቷል። ከኢትዮጵያ የመጣው 31,000 እይታ ደግሞ 7.75 ዶላር። አሥር እጥፍ የሚበልጠው ተመልካች ያስገባው ያነሰ ነው። ይህ የቪዲዮው ጥራት ጉዳይ አይደለም። ማስታወቂያ የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ ጨረታው የሚካሄደውም ቪዲዮውን ባየው ሰው ላይ ነው። ሜሪላንድ ተቀምጦ ሾላ ገበያን የሚያይ ሰው የሚመጣለት ማስታወቂያ የሜሪላንድ መኪና ሻጭ፣ መድን ድርጅትና የስልክ ኩባንያ ተጫርተው የገዙት ነው። ቋንቋው አማርኛ መሆኑ እነዚህን ተጫራቾች አያባርራቸውም። አዲስ አበባ ያለውን ተመልካች ለማግኘት በዚህ ጨረታ የሚሳተፉት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ከዚያ የከፋው ግን ብዙው እይታ ተጫራች ሳያገኝ ማለፉ ነው። በዝርዝርዎ ላይ የኢትዮጵያው M በሁለቱም ቪዲዮ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአምስት እይታ አራቱ ማስታወቂያ አልታየበትም ማለት ነው።

አሁን የአገሩን ድርሻ ለይተን እናውጣ። ዘዴው ቀላል ነው። የገበያውን ቪዲዮ የየአገር RPM እንዳለ ይያዙና፣ የዶሮ ወጡ ተመልካቾች ቢያዩት ኖሮ ስንት ያስገባ ነበር ብለው ያስሉ። የአሜሪካው 11,000 እይታ በ3.20 ሂሳብ 35.20 ዶላር፣ አውሮፓና ካናዳ 12.00፣ ባሕረ ሰላጤው 4.80፣ ኢትዮጵያ 4.00፣ ሌሎች 2.40 ይሆናሉ። ድምሩ 58.40 ዶላር ነው፤ ለ41,000 እይታ ሲካፈል RPMው 1.42 ይመጣል። ከ0.62 ወደ 1.42 የተደረሰው ተመልካቹ ያለበትን አገር ብቻ በመለወጥ ነው፤ 2.3 እጥፍ ያልኩት ይህን ነው። ከ1.42 ወደ 2.64 ያለው ቀሪ መንገድ፣ ማለትም 1.86 እጥፉ፣ በአገር አይገለጽም። በአንድ አገር ውስጥ ሆኖም ዶሮ ወጡ የበለጠ ከፍሏል። ይህን በመደመርና በመቀነስ ሳይሆን በእጥፍ መግለጽ ይሻላል፤ «ከልዩነቱ ይህን ያህል ዶላር የአገር ነው» ቢሉ መልሱ ከየትኛው ወገን እንደጀመሩ ይለዋወጣል። በእጥፍ ሲሆንም ጥቂት ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚያሳስት አይደለም።

ቀሪውን 1.86 እጥፍ ለማግኘት አንድ አገር ብቻ ይዘው ይግቡ። አሜሪካን የምመርጠው ከየቪዲዮው ገቢ ትልቁ ቁራጭ እሷ ስለሆነች ነው። `Geography` ላይ እንዳሉ `Estimated monetized playbacks`፣ `CPM` እና `Playback-based CPM` የሚሉትን መለኪያዎች ይጨምሩ። በዶሮ ወጡ M 60 በመቶ ነው፤ CPM 8.00 ዶላር፤ `Playback-based CPM` 16.40። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል N 2.05 ይሆናል። በገበያው ቪዲዮ M 55 በመቶ፣ CPM 7.80፣ `Playback-based CPM` 9.75 ነው፤ N 1.25 ብቻ። በቀመሩ ሲገቡ የዶሮ ወጡ ከማስታወቂያ 5.41 ዶላር፣ የገበያው 2.95 ይሰጣሉ። እስከ 6.00 እና 3.20 የቀረው፣ ማለትም 59 እና 25 ሳንቲም፣ ከፕሪሚየም ተመልካቾች የመጣ ነው።

አስተዋዋቂው ለአንድ ሺህ ማስታወቂያ የከፈለው 8.00 እና 7.80 ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ከቁጥር አይገባም። M ትንሽ ተለያይቷል። በእጅጉ የተለያየው N ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ማስገባት የሚፈቀደው ከ8 ደቂቃ ላላነሰ ቪዲዮ ነው። እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ ወሰኑ 10 ደቂቃ ነበር። የገበያው ቪዲዮ 7 ደቂቃ ስለሆነ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በስተቀር ማስታወቂያ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የመጨረሻውን ደግሞ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ቪዲዮ ይሄዳሉ።

የፕሪሚየሙ ልዩነትም ከርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። የፕሪሚየም ገንዘብ የሚከፋፈለው ደንበኞቹ በየቪዲዮው ላይ ባሳለፉት ጊዜ መጠን ነው፤ ሽንኩርቱ እስኪበስል አሥር ደቂቃ የቆየ ሰው ዋጋ ሰምቶ በሦስተኛው ደቂቃ ከወጣው የበለጠ ያስገኛል።

ታዲያ የገበያውን ቪዲዮ ወደ 9 ደቂቃ ማስረዘም ያዋጣል? ከፍተኛውን ጣሪያ ማስላት ይቻላል። ተመልካቾቹ እነዚያው ሆነው የየአገሩ RPM ልክ የዶሮ ወጡን ቢደርስ፣ ድምሩ 46.15 ዶላር ይሆን ነበር። ከ25.75 ተነስቶ የሚገኘው ጭማሪ ቢበዛ 20 ዶላር ነው። እዚያም መድረሱ ያጠራጥራል፤ ምክንያቱም በመሃል የተቀመጠ ማስታወቂያ የሚከፍለው ተመልካቹ እዚያ ደቂቃ ላይ ከደረሰ ብቻ ነው። `Engagement` ውስጥ ያለውን የቆይታ መስመር ይመልከቱ። በ4ኛው ደቂቃ ላይ 30 በመቶው ብቻ ቀርቶ ከሆነ፣ በ6ኛው ደቂቃ የሚቀመጥ ማስታወቂያ ከዚያም ባነሰ ሰው ይታያል። በሞባይል ዳታ የሚያይ የአዲስ አበባ ተመልካች የቅቤና የዶሮ ዋጋ ከሰማ በኋላ የሚቆይበት ምክንያት የለውም፤ ቪዲዮውን በባዶ ወሬ ማራዘም መስመሩን ቀድሞ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ዩቲዩብ ለሌላ ሰው ማቅረቡን ይቀንሳል፤ 20 ዶላሩ ሳይመጣ እይታው ይሄዳል። የእኔ ምክር አንድ ተጨማሪ ገበያ፣ ለምሳሌ መርካቶን፣ ጨምሮ ዋጋ ማነጻጸር የሚቻል ከሆነ 8 ደቂቃን ማለፍ ነው። ካልተቻለ በ7 ደቂቃ ይቆይ።

ማስታወቂያውን ሲያስቀምጡም ዩቲዩብ በራሱ የመረጠውን ቦታ ከፍተው ይዩት። የዶሮ ወጥ አሠራር ላይ ትክክለኛው ቦታ አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ነው፦ ቁሌቱ ተቁላልቶ በርበሬው ከመግባቱ በፊት፣ ዶሮው ታጥቦ አልቆ ድስት ከመግባቱ በፊት። በዓረፍተ ነገር መሃል የተቆረጠ ማስታወቂያ ተመልካቹን ያስወጣል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ማስታወቂያዎች ሁሉ ያንን ሰው ያጣሉ።

በእርስዎ ላይ ባይሆንም በሌላ ጊዜ በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ርዝመት፣ RPM ሲለያይ ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። N እንዳለ ሆኖ M በአንድ ጊዜ ከወደቀ መጀመሪያ የገቢ ምልክቱን ያረጋግጡ። ቢጫ ከሆነ ማስታወቂያ ተገድቧል። ግጭት፣ አደጋ ወይም የሚያሳዝን ዜና የሚነካ ርዕስና የፊት ምስል በአብዛኛው ወደዚያ ይወስዳል። ምልክቱ አሁን አረንጓዴ ሆኖ፣ ቪዲዮው ሲወጣ ግን ቢጫ ከነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እይታ ያለ ገቢ ወይም በትንሽ ገቢ ሄዷል፤ በቀን በቀን የተዘረዘረው M ይህን ያሳያል። የበዓል ዘፈን ከጀርባ ገብቶ የዘፈኑ ባለመብት ጥያቄ ካነሳ ደግሞ እይታው ይቆጠራል እንጂ ገቢው ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ይችላል።

CPMው ከወደቀ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ወቅት ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ቻናል የራሱ ችግር አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ የማስታወቂያ በጀት የሚፈሰው በኖቬምበርና በዲሴምበር፣ ከፈረንጆቹ ገና በፊት ነው። ጃንዋሪ ሲገባ በጀቱ ገና አልተለቀቀምና ዋጋው ይወርዳል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው። የምግብና የገበያ ቪዲዮዎች እይታ የሚንረው አስተዋዋቂው እጁን በሰበሰበበት ሳምንት ላይ ነው ማለት ነው። ለገና የሚሠራውን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ በዲሴምበር መጀመሪያ ማውጣት ሁለት ጥቅም አለው፦ ውጭ ያለው ተመልካች ዕቃውን ለመግዛት ቀድሞ ይፈልገዋል፤ የሚታየውም ጨረታው ገና ውድ በሆነበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ግምቱ። ብዙዎች የሚያደርጉት ያለፉትን ቪዲዮዎች RPM ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል ነው። ይህ ስህተት ነው። አንድ ቪዲዮ 5,000 ጊዜ ታይቶ RPMው 4.00፣ ሌላው 200,000 ጊዜ ታይቶ 0.50 ቢሆን፣ አማካዩ 2.25 ይመስላል። ገቢው ግን 20 እና 100 ዶላር ነው፤ 120 ዶላር ለ205,000 እይታ ሲካፈል 0.59 ይሆናል። ሁልጊዜ ገቢውን ለብቻ፣ እይታውን ለብቻ ደምረው ከዚያ ያካፍሉ።

ሾርትስ ካለዎት ጨርሶ ከስሌቱ ያውጡት። የሾርትስ ገቢ ከጋራ ቋት የሚከፋፈል ሲሆን የፈጣሪው ድርሻም 45 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ ሾርትስ መጫወት እንደጀመረ እይታ ተብሎ ይቆጠራል። የሾርትስ እይታ ከረጃጅሙ ጋር ሲቀላቀል የቻናሉ RPM ይደረመሳል፤ ረጃጅሞቹ ቪዲዮዎች ግን ምንም አልሆኑም። `Content type` ላይ `Videos` ብቻ ይምረጡ።

ከዚያ ያለፉትን 90 ቀናት ከ8 ደቂቃ በላይ የሆኑ ቪዲዮዎችዎን ሰብስበው የየአገሩን RPM ያውጡ፤ ከ8 ደቂቃ በታች ለሆኑት ደግሞ ሌላ ረድፍ ይሥሩ። ምሳሌውን እንዳናበዛው ከላይ ያለውን የዶሮ ወጥ ረድፍ እንጠቀም። የሚቀጥለው ቪዲዮ የ14 ደቂቃ የድፎ ዳቦ አሠራር ነው እንበል፤ 30,000 እይታ ይጠብቃሉ። ካለፉት የምግብ ቪዲዮዎችዎ ተነስተው የተመልካቹን ስብጥር አሜሪካ 25 በመቶ፣ አውሮፓና ካናዳ 11፣ ባሕረ ሰላጤው 14፣ ኢትዮጵያ 42፣ ሌሎች 8 ብለው ቢገምቱ፦

```
0.25×6.00 + 0.11×4.50 + 0.14×1.50 + 0.42×0.40 + 0.08×1.50 = 2.49
2.49 × 30 = 74.70 ዶላር
```

አንድ ቁጥር ይዘው አይቀመጡ፤ ትልቁ እርግጠኛ ያልሆኑበት ነገር ስብጥሩ ነው። ቪዲዮው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰራጨና የአሜሪካው ድርሻ ወደ 15 በመቶ ወርዶ የኢትዮጵያው 57 ከሆነ፣ አውሮፓና ካናዳ 8፣ ባሕረ ሰላጤው 13፣ ሌሎች 7 ቢሆኑ፣ RPMው 1.79፣ ገቢው 54 ዶላር ገደማ ይሆናል። በተቃራኒው አሜሪካ 32፣ አውሮፓና ካናዳ 14፣ ባሕረ ሰላጤው 13፣ ኢትዮጵያ 33፣ ሌሎች 8 ከሆኑ 3.00 ገደማ፣ 90 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ግምት «ከ54 እስከ 90፣ ምናልባት 75» የሚል ነው። ቪዲዮው በጃንዋሪ የሚወጣ ከሆነ የአሜሪካውን ቁጥር ይቀንሱ። ስንት እንደሚቀነስ የሚነግርዎት የራስዎ ያለፈ ዓመት ነው፦ ለአሜሪካ ብቻ የጃንዋሪን CPM ለዲሴምበሩ ያካፍሉ፤ ለምሳሌ 0.70 ከመጣ 6.00ውን በ0.70 ያባዙ። የአውሮፓና ካናዳውንም እንዲሁ ያድርጉ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን አይተው አይፍረዱ። ገቢው ከእይታው ዘግይቶ ይገባል፤ ትናንት የታየው እይታ ተቆጥሮ ገንዘቡ ገና ባልገባበት ሰዓት RPM ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። በተጨማሪም የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያዩት ውጭ ያሉ ነባር ተከታዮችዎ ከሆኑ፣ RPM ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ላሉ አዳዲስ ተመልካቾች ማቅረብ ሲጀምር ይወርዳል። እይታ እያደገ RPM ሲወርድ ብዙዎች ይደነግጣሉ። የአሜሪካው እይታ ካልቀነሰ ግን የጠፋ ነገር የለም፤ ከኢትዮጵያ የመጣው እይታ ያንኑ ገቢ ላይ ትንሽ ጨመረበት እንጂ ከእሱ አልወሰደም። ለዚህ ነው RPMን ከፍ ለማድረግ ብሎ የአገር ቤቱን ተመልካች የሚያርቅ ርዕስ መምረጥ ተገቢ የማይመስለኝ። ስቱዲዮ ላይ ያለው ገቢም ግምት ነው፤ የወሩ የመጨረሻ ሂሳብ የሚታወቀው በሚቀጥለው ወር ከ7 እስከ 12 ባሉት ቀናት ነው፤ ሐሰተኛ የተባለ እይታ ካለ እስከዚያ ይቀነሳል።

የመጨረሻው የእርስዎን መኖሪያ የሚመለከት ነው። RPM ላይ የአሜሪካ ግብር አይታይም። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ስለዚህ ክፍያው በሚመጣበት በAdSense ላይ የግብር ቅጹን በትክክል ሞልተው ቢሆንም፣ ከአሜሪካ ተመልካች ከሚገኘው ገቢ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ ከሌላው አገር ተመልካች የሚገኘው አይነካም። ቅጹን ጨርሶ ካልሞሉ ደግሞ ከዓለም አቀፍ ጠቅላላ ገቢዎ እስከ 24 በመቶ ሊቀነስ ይችላል። ለዶሮ ወጡ ከአሜሪካ የመጣው 66 ዶላር ነው፤ 30 በመቶው 19.80 ሲቀነስ እጅዎ የሚገባው 88.60 ነው፤ በሺህ እይታ 2.16። ለገበያው ቪዲዮ የሚቀነሰው 2.88 ዶላር ብቻ ነው። ገንዘቡን አስቀድመው ለካሜራ ወይም ለእህትዎ ክፍያ የሚመድቡ ከሆነ ከላይ ባለው የግምት መስመር ላይ የአሜሪካውን 6.00 በ4.20 ይተኩት፤ የድፎ ዳቦው 2.49 ወደ 2.04፣ 74.70ውም ወደ 61 ዶላር ገደማ ይወርዳል።